ሳያልቅ የሚሸጥ ጌም

«ከርባል ስፔስ ፕሮግራም» ተጫዋቹ በራሱ ንድፍ ሮኬት ገጣጥሞ ወደ ህዋ የሚልክበት የኮምፒውተር ጌም ነው። በፈረንጆች 2011 ለሕዝብ ሲቀርብ ገና ብዙ ይቀረው ነበር። ስኳድ የተባለው የሜክሲኮ ሲቲ ድርጅት ገዢዎች ባዋጡት ገንዘብና አስተያየት ሲያሻሽለው ቆይቶ በ2015 ሙሉውን አወጣ። በጅምሩ በርካሽ የገዙት፣ ያለቀውንም ያለ ተጨማሪ ክፍያ አገኙ። «ኧርሊ አክሰስ» የሚባለው አሠራር ሲሳካ እንዲህ ነው።

ሁለተኛው ክፍል በየካቲት 2023 ስቲም ላይ የወጣው በዚሁ ስም ላይ በተጣለ እምነት ነው። ዋጋው 49.99 ዶላር፣ ሠሪው ኢንተርሴፕት ጌምስ ነበር። ያኔ ጌሙ ውድ ኮምፒውተር ላይ እንኳ ይንቀረፈፍ ነበር፤ ስህተቱም ብዙ ነበር። ገዢን የሳበው የተስፋው ዝርዝር ነው፦ የሳይንስ ምርምር፣ በሌሎች ዓለማት ላይ ሰፈራ፣ ወደ ሌሎች ከዋክብት ጉዞ፣ ከጓደኛ ጋር መጫወት። የሳይንሱ ክፍል በታኅሣሥ መጣ። በቀጣዩ ዓመት ባለቤቱ ኩባንያ ሲያትል ያለውን የሠሪዎቹን ቢሮ ሊዘጋ መሆኑ ተሰማ፤ በሰኔ አንድ አነስተኛ ማስተካከያ ወጣ፣ ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ። ሰፈራው፣ የከዋክብቱ ጉዞና የጋራ ጨዋታው አልመጡም። ይህም ሆኖ ጌሙ ከመሸጫው አልወረደም፤ በጣም የሚያሳዝነኝ ይኼ ነው፤ ወሬውን ያልሰማ ሰው በሙሉ ዋጋ ይገዛዋል።

ስቲም ገንዘብ የሚመልሰው በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ለተጫወተ ሰው ነው። ጌም የሚተወው ግን ብዙ ጊዜ ከዓመት በኋላ ስለሆነ፣ ይህ ደንብ ለዚህ ዓይነቱ ኪሳራ አይደርስም። ስቲም ራሱም ያላለቀ ጌም ላያልቅ እንደሚችል አስቀድሞ ያስጠነቅቃል።

የተተወ ጌም መተዉ በይፋ የሚነገረው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የማሻሻያዎቹን ታሪክ ልዩ። ክፍተቱ እየሰፋ፣ ይዘቱም ከአዲስ ነገር ወደ ጥቃቅን ጥገና እየወረደ ከሄደ ሥራው እየደከመ ነው። ሠሪዎቹ በሌላ ሥራ ተጠምደው ዝም ሊሉ ይችላሉና የአንድ ወር ዝምታ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የሠራተኛ ቅነሳ ወሬ ከዝምታው ጋር ሲገጥም ግን ነገሩ ይከብዳል። ከ2025 ወዲህ ስቲም ከዓመት በላይ ማሻሻያ ያላገኘ ጌም ገጽ ላይ ማሳሰቢያ ይለጥፋል፤ ያ ሲታይ ግን ጊዜው ረፍዷል።

ከመግዛት በፊት የተስፋውን ዝርዝር በእጅ ሸፍኖ የቀረውን ማየት ይሻላል። ዛሬ ያለው ጌም ብቻውን ያንን ብር ካወጣ ይገዛል፤ ካላወጣ፣ ያለቀው እስኪወጣ መጠበቅ ምንም አያጎድልም።