ባዶው ሞላ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው?

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የእህቴ ልጅ ለፊዚክስ ፕሮጀክቷ አንድ ሞላ ምስማር ላይ ሰቀለች። ጫፉ ላይ 100፣ 200፣ 300፣ 400 እና 500 ግራም በየተራ እያንጠለጠለች ርዝመቱን ስትለካ 12.1፣ 14.0፣ 16.2፣ 17.9 እና 20.1 ሴንቲ ሜትር አገኘች። ክብደቱን በኤክሴል A ዓምድ፣ ርዝመቱን በB ዓምድ አስገባች። ነጥቦቹ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ለማረፍ ጥቂት ነው የቀራቸው። ለሁሉም የሚቀርበውን መስመር የሚያወጡት እነዚህ ናቸው፦

```
=SLOPE(B2:B6, A2:A6)
=INTERCEPT(B2:B6, A2:A6)
=RSQ(B2:B6, A2:A6)
```

ስሎፑ 0.0199 ሆነ። 100 ግራም በተጨመረ ቁጥር ሞላው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል ማለት ነው። አር ስኩዌርዱ 0.999 ነው፤ ርዝመቱ ከልኬት ልኬት ያሳየውን ልዩነት መስመሩ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ይገልጸዋል። ተማሪዎች ይህን ቁጥር ሲያዩ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ቀድሜ የማየው ኢንተርሴፕቱን ነው። 10.09 ይላል፤ ክብደቱ ዜሮ ሲሆን፣ ምንም ሳይንጠለጠልበት ሞላው ሊኖረው የሚገባው ርዝመት ነው። ይህን ደግሞ በማስመሪያ ማረጋገጥ ይቻላል። ለካችው፤ 10.1 ሆነ።

መጀመሪያ ላይ ግን ዓምዶቹን አቀያይራ A-ን አስቀድማ ነበር። ፎርሙላው የሚፈልገው በቅድሚያ የሚለካውን ውጤት፣ ቀጥሎ እኛ የምንለዋውጠውን ነው። ሲገለበጥ ስሎፑ 50.2፣ ኢንተርሴፕቱ ደግሞ ከዜሮ በታች 506 ሆኖ ቁጭ አለ። አር ስኩዌርዱ ግን ያው 0.999 ነው፤ የትኛውም ዓምድ ቢቀድም አይለወጥምና ይህን ስሕተት ሊያሳብቅ አይችልም።

ከዚያ 600 ግራም ጨመረች። ሞላው 24.5 ሴንቲ ሜትር ደረሰ። ፎርሙላዎቹን እስከ ሰባተኛው ረድፍ ስትዘረጋቸው አር ስኩዌርዱ 0.97 ሆነ፤ ለሪፖርት የሚያኮራ የሚመስል ቁጥር ነው። ኢንተርሴፕቱ ግን ወደ 9.27 ወረደ። ማስመሪያው 10.1 ያለውን ባዶ ሞላ መስመሩ 8 ሚሊ ሜትር ያህል አሳጠረው! የመጀመሪያዎቹ አምስት ነጥቦች መስመር ለ600 ግራም የሚተነብየው 22 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። በነጥብ ግራፉ ላይም የመጨረሻዋ ነጥብ ብቻዋን ወደ ላይ ወጥታ ትታያለች።

ነጥቧን ለማጥፋት እጇ ቁልፉ ላይ ሲያርፍ አስቆምኳት። ምክንያቱ ሳይታወቅ ልኬት አይጣልም። ክብደቱን አውርዳ ባዶውን ሞላ እንደገና ለካችው፤ 11.3 ሆኗል። ሞላው ከመለጠጥ ወሰኑ አልፎ ስለነበር ወደ ቀድሞ ርዝመቱ አልተመለሰም። በሪፖርቷ ስድስቱንም ልኬቶች በሠንጠረዥ አስቀመጠች፤ መስመሩን ግን እስከ 500 ግራም ብቻ አሰመረችና ምክንያቱን ከሥሩ ጻፈች።