ቃል መቀየር ብቻውን ከቅጂ አያድንም

አንዲት የነርሲንግ ተማሪ ስለ እጅ ንጽሕና የቤት ሥራ ትጽፋለች እንበል። ምንጯ የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ነው። በመመሪያው መሠረት እጅን በአልኮል ማሸት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በሳሙናና በውኃ መታጠብ ደግሞ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይወስዳል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ዓረፍተ ነገሩን ፊታቸው ዘርግተው «ማሸት» የሚለውን በ«መቀባት» ሲተኩ ነው። አወቃቀሩ የደራሲው ሆኖ ስለሚቀር፣ ምንጩ ቢጠቀስ እንኳ ቅጂ ነው። የሚበጀው አንብቦ ሰነዱን መዝጋት፣ የተረዱትን በራስ አገላለጽ መጻፍ፣ በመጨረሻም ከምንጩ ጋር ማመሳከር ነው። ለምሳሌ፦ «እጁ በግልጽ ያልቆሸሸ ነርስ አልኮል ቢጠቀም ጊዜው በግማሽ ያህል ያጥርለታል (የዓለም ጤና ድርጅት፣ 2009)።» ቃላቱ የተማሪዋ ቢሆኑም መረጃው የድርጅቱ ስለሆነ ጥቅሱ አይቀርም።

በነርሲንግ ትምህርት ቤቶች በተለመደው በኤ.ፒ.ኤ. ሥርዓት፣ በዋቢዎች ዝርዝር ውስጥ መጀመሪያ ደራሲው፣ ቀጥሎ ዓመቱ በቅንፍ፣ ከዚያ ርዕሱ በሰያፍ ፊደል፣ በመጨረሻ የድረ ገጹ አድራሻ ይሰፍራል። እዚህ አሳታሚውም ደራሲውም አንድ ስለሆኑ የአሳታሚው ስም አይደገምም። ዝርዝሩ በደራሲዎች ስም የፊደል ተራ ይደረደራል።

ከማስረከብዎ በፊት በጽሑፉ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ቅንፍ በዝርዝሩ ውስጥ ይፈልጉ፤ ከዝርዝሩም ወደ ጽሑፉ ይመለሱ። ጥንድ ያጣ ካለ ሥራው አላለቀም።