«እምቢ አሉ» እና «አልገቡም»

ግንቦት 23 ቀን 2011 ዓ.ም፣ ቱኒዚያ፣ ራደስ ስታዲየም። የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍፃሜ የመልስ ጨዋታ ላይ ኤስፔራንስ 1 ለ 0 እየመራ ነው። የሞሮኮው ዋይዳድ በሁለተኛው አጋማሽ ያስቆጠረው ጎል ከጨዋታ ውጭ ተብሎ ተሻረ። ተጫዋቾቹ «በቪኤአር ይታይልን» አሉ፤ መሣሪያው ግን አይሠራም ነበር። ከአንድ ሰዓት በላይ ከተጠበቀ በኋላ ጋምቢያዊው ዳኛ ባካሪ ጋሳማ ጨዋታውን አቋረጡት።

ክርክሩ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ቀጠለ። የካፍ ሥራ አስፈፃሚ ኮሚቴ ጨዋታው ይደገም አለ። የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ይህን የመወሰን ሥልጣን የለህም ብሎ ሻረበት። ጉዳዩ ወደ ዲሲፕሊን አካሉ ተመለሰና ዋንጫው ለኤስፔራንስ ፀና። ይህ ሁሉ ሙግት የዞረው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፤ ዋይዳድ መጫወት እምቢ ብሏል ወይስ አላለም?

በየሰፈሩ ሜዳ የሚያጫውት ዳኛም ጨዋታ ሲቋረጥበት የሚገጥመው ይኸው ጥያቄ ነው። ልዩነቱ፣ እሱ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ የቴሌቪዥን ምስል የለም። ኮሚቴው የሚያየው እሱ የጻፈውን ወረቀት ነው።

እስቲ አንድ ጨዋታ በሐሳባችን እናቋርጥ። ዳኛው ማታ ቤቱ ገብቶ፣ ደሙ ሳይበርድ እንዲህ ጻፈ እንበል፦

«የባለሜዳው ደጋፊዎች ጨዋታውን ለማበላሸት ሆን ብለው ሜዳውን ወረሩ። 6 ቁጥሩ ክፉኛ ሰደበኝ። አሰልጣኙ ተጫዋቾቹን አነሳስቶ እምቢ አስባላቸው።»

ምናልባት ሁሉም እውነት ነው። ኮሚቴው ፊት ግን አንዱም አይቆምም። የደጋፊዎቹን ሐሳብ በምን አወቀ? «ክፉኛ» ማለት ምን ብሎ ነው? አሰልጣኙ ሲያነሳሳ ሰምቷል ወይስ ገምቷል? የክለቡ ተከራካሪ አንዷን ግምት ነቅሶ ካወጣ፣ የቀረውም አብሮ ይጠረጠራል።

ያው ታሪክ በሌላ እጅ ሲጻፍ፦

«ውጤቱ 1 ለ 1 እያለ በ71ኛው ደቂቃ ለእንግዳው ቡድን ፍፁም ቅጣት ምት ሰጠሁ። የባለሜዳው 6 ቁጥር በሁለት እርምጃ ርቀት ቆሞ "ሌባ፣ ስንት በላህ?" አለኝ፤ ቀይ ካርድ አሳየሁት። ከዚያ ከግራ ጥላ ፎቅ በኩል ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ ሰዎች ሜዳ ገቡ። አንደኛው ረዳት ዳኛ በውሃ ፕላስቲክ ጆሮው ላይ ተመታ። የወረወረውን እኔ አላየሁም፤ ረዳቱም አላየሁም ብሎኛል። 10፡25 ላይ ጨዋታውን አስቁሜ ሁለቱንም ቡድኖች ወደ መልበሻ ክፍል አስገባሁ። 10፡40 ላይ የፖሊስ ኃላፊው ሜዳው መጽዳቱን ነገረኝ። ሁለቱን አምበሎች ጠርቼ በኮሚሽነሩ ፊት "በ10፡50 እንቀጥላለን" አልኳቸው። በሰዓቱ እንግዳው ቡድን ገባ፤ ባለሜዳው አልገባም። አምበሉን ለምን እንደሆነ ስጠይቀው "አሰልጣኙ አትግቡ ብሎናል" አለኝ። እስከ 11፡05 ጠብቄ ጨዋታውን አቋረጥኩ።»

ስድቡ ሲጻፍ ያሳፍራል፤ ቢሆንም እንደተባለ መስፈር አለበት፣ ምክንያቱም ዳኛን ጉቦኛ ማለትና «አታይም እንዴ?» ማለት እኩል አያስቀጡም። «አላየሁም» የሚለውም ቃል ሪፖርቱን አያዳክምም፤ ዳኛው አየሁ ያለውን ሁሉ ያስታምናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመጨረሻው ክፍል ነው። «እምቢ አሉ» የሚል ቃል የለበትም። ሜዳው መጽዳቱ፣ አምበሎቹ መነገራቸው፣ ሰዓቱ መቆረጡ፣ አንዱ ገብቶ ሌላው መቅረቱ በየተራ ተቀምጧል። ፖሊሱ «ዋስትና አልሰጥም» ብሎ ቢሆን ኖሮ ያው «አልገባም» ሌላ ትርጉም ይይዝ ነበር፤ አንድ ቡድን በስጋት ቢቀር እምቢታ ላይባል ይችላል። አሰልጣኙም ቢሆን የተወነጀለው በዳኛው ግምት ሳይሆን በራሱ አምበል ቃል ነው። ያንን ቃል መመዘን የኮሚቴው ፈንታ ነው።

ዳኛው ራሱ የተሳሳተበትም ነገር ካለ ይግባ። ፍፁም ቅጣት ምቱን ሲሰጥ እይታው ተጋርዶ ከነበረ ይጻፈው፤ በኋላ ከኮሚሽነሩ ሪፖርት ከሚወጣበት ይሻላል። የረዳቶቹን ቃል ደግሞ ከራሱ ጋር አያዋህድ፤ ሦስት ዳኞች በአንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ሲጽፉ ኮሚቴው የሚያነበው ምስክርነት ሳይሆን ምክክር ይሆናል።

«ፎርፌ ይገባቸዋል» የሚለው ሐሳብ ብዕር ጫፍ ላይ መምጣቱ አይቀርም። የጨዋታው ሕግ ዳኛ ጨዋታ እንዲያቋርጥና የሆነውን እንዲያሳውቅ ሥልጣን ይሰጠዋል፤ ውጤቱን ግን አይሰጠውም። 7ኛው ሕግ እንደሚለው፣ የውድድሩ ደንብ ወይም አዘጋጁ ሌላ ካልወሰነ በቀር የተቋረጠ ጨዋታ ይደገማል።