በአሮጌው ዋጋ ላይ እራፊ መጣፍ

አንድ የእንጨት ሥራ ደንበኛዬ የ40 ሴኮንድ ማስታወቂያ ይዞ መጣ። አልጋው ያው ነው፣ ቀረጻውም ጥሩ ነው፤ የተቀየረው ዋጋው ብቻ ነው። ቪዲዮው 18,500 ብር ይላል፣ አልጋው አሁን የሚሸጠው በ27,000 ብር ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰን ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ በዝቶብኛል።

የኤዲቲንግ ፕሮጀክቱ ቢቀመጥ ኖሮ ቁጥሩን መቀየር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። ደንበኛዬ እጅ ያለው ግን ያለቀለት ቪዲዮ ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ ጽሑፉ ከምስሉ ጋር ተዋሕዷል፤ ከፊደሉ ሥር የነበረው ምስል የለም፣ ስለዚህ ፊደሉን ፍቀን የምናገኘው ነገር አይኖርም። የቀረው መንገድ ልብስ ሰፊ እንደሚያደርገው ከላይ እራፊ መጣፍ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ከጽሑፉ አጠገብ ቀለም ወስዶ ባለ አንድ ቀለም ሳጥን መደረብ ነው። በስልክ ላይ ያለፈ ይመስላል፤ በቴሌቪዥን ሲታይ ግን ያጋልጣል። ለዓይን አንድ ዓይነት የሚመስለው ሰማያዊ ከግራ ወደ ቀኝ በጥቂቱ ይፈካል፣ ውስጡም የቀረጻው ስስ ብናኝ አለ። ሳጥኑ ይህ ሁሉ ስለሌለው ለጥ ብሎ ይታያል።

የሚሻለው እራፊ ከራሱ ከቪዲዮው የተቆረጠ ነው። በዚህ ማስታወቂያ ካሜራው በትሪፖድ ላይ ቆሟል። 11ኛው ሴኮንድ ላይ አልጋውን በስሱ የሚያሳይ ሰማያዊ መደብ ከታች ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ዋጋው የሚወጣው 12ኛው ላይ ነው። በመካከሉ መደቡ ባዶውን የሚታይባቸው ጥቂት ፍሬሞች አሉ። ከእነሱ አንዱን አስቁሜ፣ ዋጋው የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ ቆርጬ፣ ነቅነቅ ሳይል በዚያው ቦታ ላይ ደረብኩት። ቀለሙም አልጋውም ከሥሩ ካለው ጋር ገጠመ።

የእራፊው ጠርዝ ስለት እንዳይመስል ትንሽ ይደበዝዛል። ነገር ግን የደበዘዘው ጠርዝ ከፊሉን የሚያሳልፍ ስለሆነ ፊደሉ ላይ ካረፈ አሮጌው ቁጥር በእሱ በኩል ብቅ ይላል። በዚያ ላይ ቪዲዮ ሲታመቅ በፊደል ዙሪያ የቆሸሸ ጥላ ይቀራል። ስለዚህ በሁሉም በኩል አሥር ፒክስል ያህል አስፍቼ ቆረጥኩና ድብዘዛውን በውጨኛዎቹ አራት ፒክስሎች ላይ ብቻ አደረግሁት።

ያስቸገረኝ መውጫው ነው። ከ18.5ኛው ሴኮንድ እስከ 19ኛው መደቡም ዋጋውም አብረው እየደበዘዙ ይጠፋሉ። እራፊው እንዳለ ቢቆይ መደቡ ከሄደ በኋላ ሰማያዊ ሳጥን ብቻውን ይቀራል። አብሮ እንዲደበዝዝ ሳደርገው ደግሞ በመሀል ግማሽ የቀረው እራፊ ከሥሩ ያለውን 18,500 አሳየው። ሩብ ሴኮንድ እንኳ የማትሞላ ብትሆንም ያየ ሰው ዋጋው ተነካክቷል ብሎ ይጠረጥራል፤ ሻጭ ደግሞ በዋጋ ሊጠረጠር አይገባም።

መፍትሔው መግቢያው ላይ ተገኘ። መደቡ ሲገባ ያለ ጽሑፍ ነው የገባው፤ የፈጀውም ያንኑ ግማሽ ሴኮንድ ነው። ያንን ቁራጭ ወስጄ ወደ ኋላ እንዲሄድ አደረግሁት፤ ንጹሕ መውጫ ሆነልኝ። ይህ የሠራው ካሜራውም አልጋውም ስላልተነቃነቁ ብቻ ነው። ካሜራው የሚዞር ወይም ከመደቡ ጀርባ ሰው የሚያልፍ ቢሆን የቆመ እራፊ ወዲያው ይጋለጥ ነበር። እንዲያ ሲሆን መደበቁን ትቼ ከዳር እስከ ዳር ምንም የማያሳልፍ አዲስ መደብ አለብሳለሁ።

አዲሱን ቁጥር ስጽፍ ምስሉን በአራት እጥፍ አጉልቼ የአኃዙን ቁመት ከአሮጌው ጋር አስተያየሁ። ፎንቱ ቢገጥምም አዲሱ ጽሑፍ ከሌላው ይልቅ የጠራና የነጣ ሆነ፤ የቀረው ጽሑፍ አንዴ ታምቆ ጠርዙ ለስልሷልና። ነጩን በጥቂቱ አደብዝዤ፣ ጠርዙን አለስልሼ ከጎረቤቱ ጋር አስማማሁት።

እንዲህ ያለውን ሥራ ስጀምር የምጠይቀው የመጀመሪያ ቅጂ ነው። በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ የተላከ ከሆነ ዳግም ታምቋልና እንደ ፋይል እንዲላክልኝ አደርጋለሁ። ስጨርስ ደግሞ ከ11ኛው እስከ 19ኛው ሴኮንድ ያለውን ፍሬም በፍሬም አያለሁ፤ በሴኮንድ 25 ፍሬም ሲሆን 200 ያህል ነው።

ደንበኛዬ ሲያየው በጣም ደስ አለው። ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረግነው፤ ተራኪዋ 14ኛው ሴኮንድ ላይ «አሥራ ስምንት ሺህ አምስት መቶ ብር ብቻ» ትላለች። ከሥሯ ሙዚቃ ስላለ ቃሉን ብቻ መቁረጥ አልተቻለም፤ ትረካውን በአዲስ ሙዚቃ ከመጀመሪያው እንደገና ቀረጽነው።