ስልክ እያወሩ መንዳት፦ መቀጮው ትንሽ፣ እስራቱ ለምን ከባድ ሆነ?

ከሆሳዕና መናኸሪያ ወደ ሐላባ ቁሊቶ ወይም ወደ ዱራሜ በሚወጣ ሚኒባስ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። መኪናው ገና ከከተማ ሳይወጣ የሹፌሩ ስልክ ይጮኻል። ሹፌሩ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው ያነሳዋል። «ወዓለይኩም ሰላም፣ አዎ ሞልቼ ወጥቻለሁ፣ ስንት ሰዓት እንደምገባ እደውልልሃለሁ» ይላል። ተሳፋሪውም ዝም ይላል። ትራፊክ ፖሊስ ከታየ ስልኩ ጭን ላይ ይወርድና ድምፁ በስፒከር ይቀጥላል።

ብዙዎቻችን ይህን የምናየው እንደ ትንሽ ጥፋት ነው፤ ቢያዝ ይቀጣል፣ ከፍሎ መንገዱን ይቀጥላል ብለን። የመንገዱ ቅጣት በርግጥ እንደዚያ ነው። በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የትራፊክ ጥፋቶች በደረጃ ተከፍለዋል። ጥፋተኛው የገንዘብ መቀጮ ይከፍላል፣ በመንጃ ፈቃዱ ላይም ጥፋቱ ይመዘገብበታል። ጥፋቱ ሲደጋገምና ሲደመር መንጃ ፈቃዱን እስከ ማሳገድ ይደርሳል። ከባዱ ቅጣት ግን እዚህ ደንብ ውስጥ አይደለም ያለው። ያለው በወንጀል ሕጉ ውስጥ ነው፣ የሚመጣውም ሰው ሲሞት ነው።

በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን በሦስት ደረጃ ይከፍላል። ማንኛውም ሰው በቸልተኝነት ሰው ቢገድል ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም የገንዘብ መቀጮ ይጠብቀዋል። ገዳዩ የሰው ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ከሆነ፣ ለምሳሌ ሐኪም ወይም አሽከርካሪ ከሆነ፣ እስራቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይሆናል፤ መቀጮውም አብሮ ይመጣል። ሦስተኛው ንዑስ አንቀጽ ላይ ሲደረስ ግን ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት፣ ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ነው። እዚያ የሚያደርሱ መንገዶች ጥቂት ናቸው፦ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው መሞቱ፣ አሽከርካሪው ጠጥቶ ወይም አደንዛዥ ነገር ወስዶ መገኘቱ፣ ወይም በግልጽ የተቀመጠን ደንብ እያወቀ መጣሱ።

ስልክ የሚገባው በዚህ በመጨረሻው በር ነው። ፍየል ድንገት ገብታበት መሪውን አጥብቆ በማዞሩ ሰው የገጨ ሹፌር ተሳስቷል ሊባል ይችላል። ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ የገጨው ግን «አላወቅሁም» ማለት ይከብደዋል፤ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ደንቡን ተምሯልና። እርግጥ ዐቃቤ ሕግ ደንቡ መጣሱን ብቻ ሳይሆን ለሞቱ ምክንያት የሆነውም እሱ መሆኑን ማስረዳት አለበት። ይህን ካስረዳ ግን የዚያ የአንድ ደቂቃ ወሬ ልዩነት ከአንድ ዓመት ቀላል እስራት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊሆን ይችላል።

ለምን ይህን ያህል? በሜትር እንቁጠረው። አንድ ሚኒባስ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል፤ በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል ማለት ነው። ከእንሰት አጥር ጀርባ አንድ ሕፃን ወጥቶ አስፋልት ላይ ይቆማል፤ ከመኪናው 40 ሜትር ይርቃል። መንገዱን የሚያይ ሹፌር አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ 17 ሜትር ሄደ። ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ጎማውና ፍሬኑ ደህና ከሆኑ፣ ለመቆም ሌላ 20 ሜትር ያስፈልገዋል። 37 ሜትር ላይ ይቆማል። ሕፃኑ ደንግጦ ወደ ቤቱ ይሮጣል።

አሁን ያው ሹፌር ማን እንደደወለ ለማየት ግማሽ ሰከንድ ብቻ ዓይኑን ወደ ስልኩ ወረወረ እንበል። ፍሬን የሚይዘው ሕፃኑ ጋ ለመድረስ 15 ሜትር ሲቀረው ነው፤ ሲደርስ ፍጥነቱ ገና ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለት ሰከንድ ካየ ደግሞ ፍሬኑን የሚረግጠው ሕፃኑን ካለፈ ከ10 ሜትር በኋላ ይሆናል። የገጨው በሙሉ 60 ነው። ከአደጋው ቦታ የሚነሣው ንድፍ ላይ ከግጭቱ በፊት የፍሬን ምልክት አለመኖሩ ብዙ የሚናገረው ለዚህ ነው፤ አሽከርካሪው ከነጭራሹ እንዳላየ ይጠቁማል። መርማሪው ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው የስልኩን የጥሪ መዝገብ ነው። ጥሪው የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት ተመዝግቦ ይቀራል፤ ከስልኩ ላይ ቢያጠፉትም ከአገልግሎት ሰጪው መዝገብ አይጠፋም።

«እኔ በብሉቱዝ ነው የማወራው» የሚለው መልስስ? ክልከላው ያረፈው በእጅ በተያዘ ስልክ ላይ ስለሆነ በሕጉ ዓይን ልዩነት አለው። ነገር ግን ስልክን ጭን ላይ አስቀምጦ በስፒከር ማውራት ወይም ባጃጅ ላይ በትከሻና በጆሮ መሐል አጣብቆ መንዳት «ያለ እጅ» አይባልም። ሞተር ሳይክል ነጂዎች ሄልሜት ውስጥ የሚወትፉትም ሲንሸራተት መልሶ የሚያስተካክለው እጅ ነው።

እጅ ነፃ ቢሆንም ደግሞ አእምሮ ነፃ አይሆንም። በ1997 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በካናዳ ቶሮንቶ ስልክ ያላቸውና አደጋ የደረሰባቸው 699 አሽከርካሪዎች የስልክ ሒሳብ ተመርምሮ ነበር። ሲያወሩ የአደጋ ዕድላቸው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋ ነበር፤ ያለ እጅ የሚያወሩትም የተሻለ ደኅንነት አልነበራቸውም። በአሜሪካ ዩታ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት ምክንያቱን አሳየ። ያለ እጅ እያወሩ የነዱ ሰዎች ዓይናቸው የመንገድ ዳር ምልክቱ ላይ ቢያርፍም፣ በኋላ ሲጠየቁ ካዩት ብዙውን አላስታወሱም። አይተዋል፣ ግን ልብ አላሉም። ከጎን የተቀመጠ ተሳፋሪ ጋር ማውራት ለምን እንዲህ አይጎዳም ቢባል፣ ተሳፋሪው መንገዱን አብሮ ያያል፤ ሕፃን ሲወጣ ራሱ ዝም ይላል፣ እንዲያውም «ኧረ ቀስ!» ይላል። ስልክ ላይ ያለው ሰው ግን ወሬውን አያቋርጥም።

ታዲያ ሕጉ ለምን ብሉቱዝን ተወ? እንደኔ ግምት ትራፊክ ፖሊስ ማየት የሚችለው እጅን እንጂ ሐሳብን ስላልሆነ ነው። ስለዚህ በብሉቱዝ እያወራ ሰው የገጨ ሹፌር የስልክ ደንቡን ጥሰሃል ባይባልም ነፃ አይወጣም። የአሽከርካሪነት ግዴታውን ቸል በማለት የሁለተኛው ንዑስ አንቀጽ እስራት ይጠብቀዋል፤ የሞቱት ሁለት ከሆኑ ወይም ከፍጥነት ወሰን አልፎ ከነበረ ደግሞ ወደ ሦስተኛው ሊሻገር ይችላል።

አንድ ነገር ብዙ የባጃጅና የሚኒባስ ባለቤቶች የሚረሱት አለ። በ1952 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መሠረት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ ሲነዳ የነበረው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ ባለቤቱ ራሱ ምንም ጥፋት ባይኖርበትም። የሦስተኛ ወገን መድን የሚሸፍነው እስከ ተወሰነለት ጣሪያ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሟች ቤተሰብ የሚጠይቀው ካሳ የባለቤቱን ኪስ ይነካል። ደግሞም በቀን ውስጥ ደጋግሞ ደውሎ «የት ደረስክ? ስንት ሰው ጫንክ?» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ባለቤት ነው። ሹፌሩ የአባቱን ስልክ ባያነሳ እንኳ የእሱን ማንሳት አለበት፤ እንጀራው ነውና። አንዳንድ ባለቤቶች አሁን የሚደውሉት ለረዳቱ ነው። ሹፌሩ ሲያርፍ መልሶ ይደውላል። ባጃጅ ላይ ረዳት ስለሌለ እዚያ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ዳር ይዞ መቆም።