ለጅምላ አከፋፋይ የሚጻፍ የናሙናና የዋጋ ዝርዝር መጠየቂያ ደብዳቤ አዘገጃጀት

አንድ ቸርቻሪ ነጋዴ ከዚህ በፊት ይዞት የማያውቀውን አዲስ የዕቃ ዓይነት ወደ መደብሩ ለማስገባት ሲያስብ፣ ከጅምላ አከፋፋዩ ጋር የሚኖረው ግንኙነት የሚጀምረው ናሙናና የዋጋ ዝርዝር በመጠየቅ ነው። ጥያቄው በቃል ብቻ ሲቀርብ የተባለውና የተላከው ዕቃ ሳይገጣጠም ሊቀር ይችላል፤ ለክርክርም ማስረጃ አይገኝም። ይህ ጽሑፍ ደብዳቤው ምን ምን መያዝ እንዳለበትና የሚመጣው መልስ እንዴት እንደሚመረመር በምሳሌ ያስረዳል።

ለምሳሌነት በምሥራቅ ጎጃም ዲማ ሳሙና፣ ጨው፣ ስኳርና የመሳሰሉትን የሚሸጥ አንድ ቸርቻሪ ይወሰድ። የደጋው ብርድ ከሚበረታበት ከኅዳር ወር በፊት ብርድ ልብስ ለመያዝ አስቧል። ዕቃው ከመርካቶ ተነሥቶ፣ የዓባይን በረሃ አቋርጦ፣ በደጀንና በቢቸና በኩል የሚደርስ በመሆኑ ያልተስማማውን ዕቃ ለመመለስ የሚወጣው የማጓጓዣ ወጪ ትርፉን ይበላዋል። ስለዚህ ጥራቱንና ዋጋውን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት

በመጀመሪያ የያዘው የንግድ ፈቃድ አዲሱን ዕቃ የሚሸፍን መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የሸቀጣ ሸቀጥ ችርቻሮ ፈቃድ ያለው ነጋዴ የጨርቃ ጨርቅ ውጤቶችን ለመሸጥ የሥራ ዘርፍ መጨመር ይጠበቅበት እንደሆነ ፈቃዱን የሰጠውን የወረዳ ንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ይጠይቃል። ይህ ሳይጣራ ዕቃው ቢገዛ፣ ገንዘቡ በመደብር ውስጥ ታስሮ ሊቀመጥ ይችላል።

የዋጋ ዝርዝር ብቻውን ሻጩን አያስገድድም

ብዙ ነጋዴዎች የዋጋ ዝርዝር ከደረሳቸው በኋላ አከፋፋዩ በዚያው ዋጋ የመሸጥ ግዴታ ያለበት ይመስላቸዋል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1687 የዋጋ ዝርዝር ወይም ካታሎግ መላክን ብቻውን እንደ ውል ማቅረቢያ አይቆጥረውም። በሌላ በኩል በቁጥር 1690 መሠረት አንድ ሰው የመቀበያ ጊዜ ወስኖ ውል ለመዋዋል ሐሳብ ካቀረበ፣ ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ ባቀረበው ሐሳብ ይገደዳል።

ስለዚህ ደብዳቤው «የዋጋ ዝርዝር ይላክልኝ» በማለት ብቻ መቆም የለበትም። የሚፈለገውን ዓይነትና ብዛት ገልጾ፣ ለዚህ ብዛት እስከ ተወሰነ ቀን የሚጸና ዋጋ እንዲሰጠው መጠየቅ አለበት። አከፋፋዩ በዚሁ መልክ በጽሑፍ ከመለሰ፣ ነጋዴው ናሙናውን ለመመርመር የሚያስችል ጊዜ ያገኛል፤ ዋጋውም በመካከል አይለወጥበትም።

የደብዳቤው ናሙና

ቁጥር ፡ ________
ቀን ፡ መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ ________ የብርድ ልብስ ጅምላ አከፋፋይ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ ፡ የብርድ ልብስ ናሙናና የዋጋ ማቅረቢያ እንዲላክልን ስለመጠየቅ

በምሥራቅ ጎጃም ዲማ በችርቻሮ ንግድ ሥራ የተሰማራን ስንሆን፣ ብርድ ልብስ ለመሸጥ አቅደናል። ለመጀመሪያ ጊዜ 40 ብርድ ልብስ ለመግዛት ስላሰብን የሚከተሉት እንዲላኩልን እንጠይቃለን።

1. 160 በ220 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካላቸው ብርድ ልብሶች ከሁለት ዓይነት አንድ አንድ ሙሉ ናሙና፤ ቀለማቸውን የሚያሳዩ ቁራጮችም ጭምር። ናሙናው በዋጋ የሚሰጥ ከሆነ ዋጋው ይገለጽልን፤ ዕቃውን ካዘዝን ከሂሳቡ ይቀነስልን እንደሆነም ይነገረን።
2. በእያንዳንዱ ናሙና ላይ መለያ ቁጥር፣ ክብደቱና የተሠራበት የክር ዓይነት ይጻፍ።
3. ለ40 ብርድ ልብስ የአንዱ ዋጋ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስን የሚጨምር ወይም የማይጨምር መሆኑ ተለይቶ ይገለጽ።
4. ዋጋው ርክክቡ በአዲስ አበባ ወይም በቢቸና የሚፈጸም ስለመሆኑ፣ የአከፋፈሉ ሁኔታና ዕቃው የሚደርስበት ቀን ይገለጽ።
5. የቀረበው ዋጋ እስከ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. የጸና እንዲሆን ይረጋገጥልን።

የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዘናል። ይህ ደብዳቤ የግዥ ትእዛዝ አይደለም።

ከሠላምታ ጋር
ስም ፡ ________ ፊርማ ፡ ________ ስልክ ፡ ________

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሊዘለል አይገባም። ብዛት የተጻፈበት ደብዳቤ እንደ ትእዛዝ ተቆጥሮ ዕቃው ቢላክ ነጋዴው ሳይወድ ወደ ክርክር ይገባል። የደብዳቤው አንድ ቅጂ፣ የተላከበትን ቀን ከሚያሳይ ማስረጃ ጋር፣ በመደብሩ መቀመጥ አለበት።

ናሙናው ሲደርስ

ናሙናው በመለያ ቁጥሩ ይመዘገባል፤ በሜትር ይለካል፤ በሚዛን ይመዘናል። ውጤቱ በጽሑፍ ከተሰጠው ጋር ይመሳከራል። ቀጥሎ ነጭ ጨርቅ በውኃ አርሶ የብርድ ልብሱን ጥግ ማሸት ነው፤ ጨርቁ ቀለም ከያዘ ብርድ ልብሱ ሲታጠብ ቀለሙን ይለቃል። ከሁለቱ ናሙናዎች አንዱ ታጥቦና ደርቆ እንደገና ቢለካ፣ የሚያጥር መሆኑም ይታወቃል። ሌላው ሳይታጠብ መቀመጥ ይኖርበታል፤ በኋላ የሚመጣው ዕቃ የሚመዘነው በእርሱ ነውና። የታጠበውም የዓይነቱ ማነጻጸሪያ እንዲሆን፣ ሁለቱንም ዓይነት የሚያሳዩት የቀለም ቁራጮች አብረው ይቀመጣሉ።

ሁለት ዋጋዎችን ማነጻጸር

ደብዳቤው ለሁለት አከፋፋዮች ተልኮ ሁለት መልስ መጣ እንበል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የቀረቡ ናቸው። የመጀመሪያው 1,200 ብር ሲል፣ ታክስን ሳይጨምር ርክክቡ አዲስ አበባ ነው። ሁለተኛው 1,350 ብር ሲል፣ ታክስን ጨምሮ ርክክቡ ቢቸና ነው። በመጀመሪያ እይታ 1,200 ብር ርካሽ ይመስላል። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት ግን 1,380 ብር ይሆናል፤ እስከ ዲማ ማጓጓዣ 35 ብር ሲጨመር 1,415 ብር ይደርሳል። ሁለተኛው ከቢቸና እስከ ዲማ 10 ብር ቢጨመርበት 1,360 ብር ነው። በ40 ብርድ ልብስ ላይ ልዩነቱ 2,200 ብር ይሆናል።

ለተጨማሪ እሴት ታክስ ያልተመዘገበ ቸርቻሪ የከፈለውን ታክስ ማቀናነስ ስለማይችል፣ ታክሱ ለእርሱ ሙሉ ወጪ ነው። ማነጻጸሪያው ሁልጊዜ ዕቃው መደብሩ ደጃፍ ላይ ሲደርስ የሚያወጣው ጠቅላላ ዋጋ መሆን አለበት።

ትእዛዝ ሲሰጥና ዕቃው ሲደርስ

የግዥ ትእዛዙ የናሙናውን መለያ ቁጥር ጠቅሶ «ዕቃው በዚህ ናሙና መሠረት ይቅረብ» ሊል ይገባል። በዚህ መንገድ የናሙናው ጥራት የውሉ አካል ይሆናል፤ በውሉ የተመለከተው ጥራት የሌለው ዕቃ ሲቀርብም ሻጩ ይጠየቃል። ገዢውም በበኩሉ ዕቃውን እንደተረከበ ሳይዘገይ መመርመርና ጉድለት ካገኘ ወዲያውኑ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ዕቃውን ሳይፈታ አስቀምጦ ከወራት በኋላ ቅሬታ የሚያቀርብ ነጋዴ መብቱን ሊያጣ ይችላል።

ክፍያ ሲፈጸም ሕጋዊ ደረሰኝ መቀበል፣ ደብዳቤውን፣ መልሱን፣ ትእዛዙንና ናሙናውን በአንድነት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በሥራ ዘርፍ ለውጥና በግብይት ቅሬታ ላይ ተጨማሪ ማብራሪያ የሚሹ ባለጉዳዮች በአቅራቢያቸው የሚገኘውን የወረዳ ንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይችላሉ።