የምጣዱ ሽቦ መሐሉ ምን ያህል ይግላል?

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦ ሲቀላ የምናየው ላዩን ብቻ ነው። ሙቀቱ ግን ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት በሽቦው ውስጥ ሁሉ እኩል ይፈጠራል፤ መውጫው ደግሞ በላዩ በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ መሐሉ ከላዩ መጋሉ አይቀርም። ጥያቄው ምን ያህል የሚለው ነው።

3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ እንውሰድ። ሽቦው 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኒክሮም፣ ማለትም የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ቢሆን፣ በ220 ቮልት 10 ሜትር ገደማ ርዝመት ያስፈልገዋል። እያንዳንዱ ሜትር 350 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል ማለት ነው። ይህን መጠን p እንበለው፤ የሽቦውን ራዲየስ ደግሞ a።

አሁን በሽቦው ውስጥ ከመሐሉ r ርቀት ላይ ያለ ክብ እናስብ። በዚያ ክብ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከስፋቱ ጋር ስለሚመጣጠን p·r²/a² ይሆናል። የሽቦው ሙቀት መጨመሩን ካቆመ በኋላ ይህ ሁሉ በክቡ ዙሪያ፣ በ2πr በኩል፣ ወደ ውጭ ማለፍ አለበት። ፈረንሳዊው ፉሪዬ በ1822 ባሳተመው ሕግ መሠረት ሙቀት የሚያልፈው የሙቀት ልዩነት ሲኖር ነው፤ ብረቱ ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ k ከሆነ የሙቀቱ ቁልቁለት እንዲህ ይወጣል፦

dT/dr = −p·r/(2πk·a²)

ልብ በሉ፤ r ዜሮ ሲሆን ቁልቁለቱም ዜሮ ነው። መሐሉ ላይ ከውስጥ የሚመጣ ሙቀት ስለሌለ የሙቀቱ ጫፍ እዚያ ነው። የላዩን ሙቀት Ts ብለን ከላይ ወደ ውስጥ ብንደምር ይህን እናገኛለን፦

T(r) = Ts + p(a² − r²)/(4πk·a²)

መሐሉ ላይ ደግሞ፦

Tmax = Ts + p/(4πk)

እጅግ የሚገርመኝ ራዲየሱ ከመጨረሻው ቀመር መውጣቱ ነው። በሜትር የሚፈጠረው ሙቀት እኩል ከሆነ፣ ቀጭንም ሆነ ወፍራም ሽቦ በመሐሉና በላዩ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ነው። የኒክሮም k 13 ገደማ ስለሆነ 350ን ለ4π × 13 ስናካፍል 2 ዲግሪ ያህል ይመጣል። ኒክሮም ሲግል ይበልጥ ሙቀት ስለሚያሳልፍ ልዩነቱ ከዚህም ያንሳል። በመቶዎች ዲግሪ ለሚግል ሽቦ ይህ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስሌቱ የሚሠራው ሽቦው ረጅም ሲሆን ነው፤ ጫፎቹ በማያያዣው በኩል ይቀዘቅዛሉ።

እንግዲህ ሽቦን የሚያቃጥለው የመሐሉ ሙቀት ሳይሆን ሙቀቱ ከላዩ የሚወጣበት መንገድ ነው። ሽቦው በዝገት አንድ ቦታ ላይ በ10 በመቶ ቢቀጥን፣ እዚያ የሚፈጠረው ሙቀት ይጨምራል፣ የሚወጣበት ገጽ ደግሞ ይጠባል። በአንድ ስፋት የሚወጣው ሙቀት በ37 በመቶ ገደማ ያድጋል። ያ ቦታ ይበልጥ ይግላል፣ ይበልጥ ይዝጋል፣ ይበልጥ ይቀጥናል። ስለዚህ ምጣድዎን የሚጠግን ባለሙያ ሽቦውን ገልጦ ሲሞክር አንድ ነጥብ ከሌላው ደምቆ ከበራ፣ እስኪበጠስ ሳይጠብቁ ሽቦውን ያስቀይሩ።